ፎቶው አልደረሰኝም፣ ያዩትን ይንገሩኝ

ስልኬ ላይ ሴቭ አድርጌ የያዝኳት አንዲት አጭር መልእክት አለች። ከነሐሴ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ በሳምንት ስንት ጊዜ ኮፒ አድርጌ እንደምልካት አልቆጠርኩም፣ ግን ብዙ ነው። አምስት መስመር ብትሆን ነው። አሁን ባለችበት መልክ እስክትደርስ ሁለት ክረምት ፈጅታብኛለች፣ አንድ ቃሏ ደግሞ የሰው ስንዴ አስበልቶኛል፣ እሱን ነው ዛሬ መጻፍ የፈለግኩት።

ስራዬ ሰብል ጥበቃ ነው፣ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ባንድ ወረዳ። ገበሬው ወይም ዲኤ የምንለው የቀበሌው የግብርና ሠራተኛ ማሳ ላይ የማያውቀው ነገር ሲያይ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይልክልኛል፣ እኔ አይቼ ዋግ የሚባለው የስንዴ በሽታ ነው አይደለም፣ ይረጭ አይረጭ ምናምን እመልሳለሁ። ጥሩ ነገር ነው፣ ድሮ ለዚህ ሰው ግማሽ ቀን በእግሩ ይሄድ ነበር። ግን አገራችን ተራራና ገደል ነው፣ ጣርማበር ላይ ሙሉ የነበረው ኔትወርክ ቁልቁል አንድ ሸለቆ ስትወርድ ድርግም ይላል፣ ወደ ጀማ አፋፍ ስትጠጋም እንደዛው። እና በጣም ብዙ ጊዜ የሚደርሰኝ ፎቶ ሳይሆን እንዲህ የሚል ብቻውን የቆመ ጽሑፍ ነው፦ "ይሄ ምንድነው?"

ይሄ የቱ? ምንም የለም እኮ።

ለምን እንደዚህ እንደሚሆን መጀመሪያ አይገባኝም ነበር። ነገሩ ቀላል ነው። ሰውየው ፎቶውን ይልካል፣ ከዛ ለብቻው "ይሄ ምንድነው" ብሎ ይጽፋል። ጽሑፉ ኢምንት ነው፣ አንድ ኪሎባይት እንኳን አይሞላም፣ በደካማ ኔትወርክም ሹልክ ብሎ ያልፋል። ፎቶው ግን ቴሌግራም ጨምቆት እንኳን ከ100 ኪሎባይት በላይ ነው፣ "ፋይል" ብሎ ከላከው ደግሞ ስንት ሜጋባይት ይሆናል፣ እና ክቧ እየተሽከረከረች እዛው ትቀራለች። ጽሑፉን ፎቶው ስር ካፕሽን አድርጎ ቢጽፈው ኖሮ ሁለቱም አብረው ይቀሩና ጭራሽ አልሰማም ነበር። ለብቻው ስለጻፈው ነው ጽሑፉ ቀድሞ የመጣው።

ዋናው ችግር ግን ላኪው ጋ ያለው ስክሪን ነው። እሱ ስልኩን ሲያይ ፎቶው አለ፣ እዛው ፊቱ ላይ፣ ጥርት ብሎ፣ ከስሩ ጥያቄው። ጥግ ላይ ያለችውን ትንሽዬ የሰዓት ምልክት ማን ያያታል? ሰዓቷ ገና አልሄደም ማለት ነው፣ አንድ ራይት ሲሆን ሄዷል፣ ሁለት ራይት ሲሆን ተነቧል፣ ይሄን የሚያውቅ ወጣት ነው። ትልቅ ሰው ግን የሚያየው የራሱን ፎቶ ነው፣ ስለዚህ እኔም የማየው ነው የሚመስለው። ዝም ስለው አይታው ዝም አለችኝ ብሎ ነው የሚያስበው። የምጽፈው ነገር በሙሉ መነሻው ይሄ መሆን እንዳለበት የገባኝ ቆይቶ ነው፣ እሱም ከዚህ በታች የማወራው ነገር ከደረሰ በኋላ።

የመጀመሪያው ዓመት ላይ ነው። ደጋ ላይ ያሉ አንድ ጋሼ፣ ስንዴያቸው ዛላ ሊያወጣ የደረሰ፣ የመስከረም መጀመሪያ፣ "ልጄ ይሄን ነገር እይልኝ፣ እንዴት ነው?" ብለው ጻፉልኝ። ፎቶ የለም። እኔ ስብሰባ ላይ ነበርኩ፣ ጠረጴዛ ስር ሆኜ ቶሎ ብዬ "ፎቶው አልገባኝም፣ ድጋሚ ይላኩልኝ" ብዬ መለስኩ። ልጽፍ የፈለግኩት "አልገባልኝም" ነበር፣ ሰው ብር ሲላክለት አልገባልኝም እንደሚለው። አንዷ ል ቀረች። እሳቸው ያነበቡት ደግሞ የተጻፈውን ነው፦ ፎቶው አልገባኝም፣ ማለት አይቼዋለሁ ግን ምን እንደሆነ አልተረዳሁትም። ምን ያድርጉ? ማሳቸው ወርደው የተሻለ ብለው ያሰቡትን ፎቶ አነሱ፣ ቅጠሉን በጣም አስጠግተው፣ ከዛ ላኩ፣ እሱም አልሄደም። በማግስቱ ሌላ። በሦስተኛው ቀን ደግሞ ስልክ የሚያነሳበት ጉብታ ላይ ወጥተው ቆይተው ላኩና ያኔ አንዷ ደረሰችኝ፣ ከስሯ "አሁንስ ገባሽ?" የሚል አለባት።

ስከፍተው ቢጫ ዋግ ነው፣ ምንም የሚያጠራጥር ነገር የለውም፣ ከላይኛው ቅጠል ላይ ቢጫው በቅጠሉ ጅማት ልክ መስመር መስመር ሰርቶ ተዘርግቷል። እኔ ስደርስ መጀመሪያ ቦታ ቦታ የነበረው ተያይዟል። ዋግ ብናኝ ነው፣ በነፋስ ነው የሚሄደው፣ እንደኛ ደጋ ቅዝቃዜና ጤዛ ባለበት ቦታ አንዴ ካረፈ ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ የራሱን ብናኝ አምርቶ ይነሳል፣ ስለዚህ ሦስት ቀን ማለት ብዙ ነው፣ በተለይ የላይኛው ቅጠል ገና ጤነኛ ሆኖ ልታድነው የምትችልበት ሦስት ቀን ከሆነ። የፍሬው ምግብ በአብዛኛው ከዛ ቅጠል ነው የሚመጣው። ተረጨ፣ የተወሰነው ዳነ፣ ግን ያ ጥግ ያለው ቁራሽ ሲወቃ ፍሬው ቀጭን የተጨማደደ ሆነ፣ በእጄ ዘግኜ አይቼዋለሁ። እሳቸው አንድም ቀን አልወቀሱኝም። "ኔትወርኩ ነው ልጄ" ነው ያሉኝ። ኔትወርኩ ብቻ ግን አልነበረም። የዛን ቀን ስለፎቶው ትቼ "በጣትዎ ሲያሹት ቢጫ ዱቄት ይወጣል?" ብዬ ጠይቄ ቢሆን መልሱን እዛው በአንድ ቃል አገኘው ነበር።

ከዛ በኋላ ነው መልእክቷን ቁጭ ብዬ የሰራኋት። አሁን እንዲህ ትላለች፦

"ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ጽሑፍዎ ደርሶኛል፣ ፎቶው ግን ኔትወርክ ላይ ቀርቶ አልደረሰኝም፣ እኔ ጋ ምንም ምስል አይታይም። ፎቶውን ለመላክ አይድከሙ። ያዩትን ብቻ እንደሚያወሩት አድርገው ይጻፉልኝ፦ በጣት ሲያሹት ዱቄት ይወጣል? ቀለሙ እንደ እርድ ነው እንደ በርበሬ? ከታች ቅጠል ነው ወይስ ከላይ? ማሳው ሙሉ ነው ወይስ ቦታ ቦታ?"

መጀመሪያ "ጽሑፍዎ ደርሶኛል" የሚለው ለምን መጣ፣ ምክንያቱም ሰውየው የላከው ሁለት ነገር ነው፣ እሱ ግን አንድ ነገር ነው የሚመስለው። "አልደረሰኝም" ብቻ ካልኩት ሁሉም የጠፋ ይመስለውና ከሰላምታው ጀምሮ እንደገና ይጽፋል። ይሄ መጥቷል ያኛው ቀርቷል ሲባል ነው የሚለየው። "እኔ ጋ ምንም ምስል አይታይም" የሚለውም ድግግሞሽ ይመስላል አይደል? ግን ያቺን የስክሪን ነገር የሚፈታት እሱ ነው፣ እርስዎ ጋ ይታያል እኔ ጋ አይታይም፣ "አልደረሰኝም" የሚለውን ቃል ብቻ አይተው "ኧረ ልኬዋለሁ፣ ይኸው እዚህ አለ" ያሉኝ ሰዎች ብዙ ናቸው፣ እውነታቸውን ነው።

"አልደረሰኝም" እንጂ "አልላኩትም" አይደለም። አልላኩትም ማለት በኛ አገር ጥፋቱን ሰውየው ላይ ማስቀመጥ ነው፣ ትልቅ ሰው ደግሞ ሞባይል አያውቅም የሚባል ነገር ስለሚሰቀጥጠው ወይ ያፍራል ወይ ዝም ይላል፣ ዝም ካለ ደግሞ ስንዴው ነው የሚቀጣው። አልገባም፣ አልገባኝም፣ አልገባልኝም የሚባለውን ቤተሰብ በሙሉ ትቼዋለሁ፣ ለምን እንደሆነ ከላይ ነግሬያችኋለሁ።

"እባክዎ" የሚለውም የለም፣ አስተውላችሁ ከሆነ። በፊት ነበር፣ አወጣሁት። በወረቀት ላይ ጨዋ ቃል ነው፣ ግን በአጭር የስልክ መልእክት ውስጥ፣ ያውም ከመስሪያ ቤት ሰው ሲመጣ፣ አንዳንዱ እንደ ቁጣ ነው የሚሰማው፣ እባክህ ተወኝ እባክህ አትጨቅጭቀኝ የምንለው እሱኑ ቃል ነው አይደል። ትህትናው "አይድከሙ" ውስጥ አለ። ይሄ ቃል እኛ ጋ ከባድ ቃል ነው፣ እንግዳ ሲነሳልህ አይድከሙ ትላለህ፣ እና ሰውየው ደግሞ በእውነትም እየደከመ ነው፣ ፎቶ ለመላክ ዳገት እየወጣ፣ ካርድ እየሞላ፣ ቻርጅ እየጨረሰ። መብራት የሌለበት ቀበሌ ላይ ቻርጅ ማለት ሶላር ያለው ጎረቤት ጋ መሄድ ነው። ድጋሚ ላክ ማለት ይሄን ሁሉ ድገመው ማለት ነው።

አንድ ጊዜ ደግሞ ባልደረባዬ የጻፈውን አይቻለሁ፣ "የምልክቱን መግለጫ በጽሑፍ ይላኩ" ይላል። ልጁ ጎበዝ ነው፣ ስህተት አይደለም፣ ግን መግለጫ ገበሬው የሚያውቀው በሬዲዮ ነው፣ መግለጫ መንግስት ነው የሚሰጠው። "ይግለጹ" ስትል ደግሞ የትምህርት ቤት ፈተና ነው፣ በትክክለኛ ቃል መመለስ ያለበት ይመስለውና "ስንዴው በበሽታ ተጠቅቷል" ብሎ ይጽፍልሃል፣ እሱ ደግሞ ምንም አይነግርህም። "ያዩትን እንደሚያወሩት" ስትለው ግን የሚመጣው ሌላ ነገር ነው። "ቅጠሉ ላይ የልብስ ስፌት መኪና የሄደበት ይመስላል" ያለኝ ገበሬ አለ። ቢጫ ዋግን ከዚህ በላይ የገለጸልኝ መጽሐፍ የለም፣ መስመሩ፣ ነጥብ ነጥቡ፣ ቀጥ ማለቱ፣ ሁሉም አለበት።

እርድና በርበሬ ያልኩትም ስለዛው ነው። ቀለም በስሙ ከጠየቅክ ሁሉም "ቢጫ" ወይም "ቀይ" ነው የሚልህ፣ ቡናማ የሚለውን ቃል ደግሞ ብዙ ሰው አይጠቀምበትም። ማዕድ ቤት ያለውን ስትጠይቅ ግን አይሳሳትም። እርድ ካለ ቢጫ ዋግ ነው። በርበሬ ካለ፣ በተለይ አገዳው ላይ ከሆነና በጣት ሲነካ ከሻከረ፣ የግንድ ዋግ ነው፣ ቆዳውን ቀዶ ነው የሚወጣው፣ እሱ ሞቅ ያለ ቦታ ስለሚወድ ደጋው ላይ ሳይሆን ዝቅ ባለው በኩል ነው የበለጠ የምጠብቀው። "ሁለቱም አይደለም፣ ምጥን ሽሮ ነው" ብላ የመለሰችልኝ እናትም አለች፣ ቅጠሉ ላይ ተበታትኖ ክብ ክብ ያለ፣ እሱ የቅጠል ዋግ ሆኖ ተገኘ። ከዛ ወዲህ ሽሮንም እየጨመርኩ ነው የምጠይቀው፣ ለሴቶቹ በተለይ።

ጣት የምለው ነገር ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ዋናው እሱ ነውና። ዱቄቱ የዋጉ ብናኝ ነው። ዋግ የያዘውን ቅጠል በአውራ ጣትህ ሸርተት ስታደርገው ጣትህ ይቀባል፣ ነጭ ጨርቅ ላይ ብታሸው ደግሞ በደንብ ይታያል። ዝም ብሎ የገረጣ ቅጠል፣ በማዳበሪያ እጥረትም ይሁን በውሃ መተኛት፣ ብታሸው ብታሸው ምንም አይወጣም። ቅጠሉ ላይ ቡናማ እድፍ ሆኖ በውስጡ ቁንጫ የሚያክል ጥቁር ነጥብ የሚያሳየው ሴፕቶሪያ የሚባለው በሽታም ዱቄት የለውም። እና ይሄን ፎቶ አያሳይህም! ይቺን ነገር ለመረዳት ፎቶ ሳይደርሰኝ መቅረት ነበረበት። ርካሽ ስልክ በደመና ቀን ያነሳው ቢጫ ቅጠል ሁሉም አንድ ነው የሚመስለው፣ ስንት ጊዜ ደርሶኝ ስክሪኑን እያስፋሁ ተቸግሬያለሁ።

አሁን አምና የሆነውን ልንገራችሁ። ነሐሴ መጨረሻ አካባቢ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት፣ ከሞረትና ጅሩ በኩል ነው። የጻፈችው ልጅ ናት፣ ሃይስኩል ተማሪ፣ ላባቷ ነው የምትጽፈው፦ "እትዬ ደህና ነሽ፣ ይሄ ዋግ ነው አይደል? አባቴ ነገ ጠዋት ሊረጭ ነው።" ፎቶ የለም። መጀመሪያ የራሴን ስልክ አየሁ፣ ይሄን ሁሌም አደርጋለሁ፣ ምክንያቱም አንዳንዴ ፎቶው መጥቶ ደብዘዝ ብሎ መሃሉ ላይ የታች ቀስት አድርጎ ይቀመጣል፣ እሱ ደርሷል፣ ያላወረድኩት እኔ ነኝ፣ እንደዛ ሆኖ "አልደረሰኝም" ካልኩ ሰው አደከምኩ ማለት ነው። አልነበረም። መልእክቷን ላኩላት። አንድ ራይት ላይ ቆመች።

ጠዋት ሊረጭ ነው ብላኛለች፣ ዳታዋ ሄዶ ቢሆንስ ብዬ በተራ ኤስኤምኤስ ደገምኩት። ኤስኤምኤስ ላይ ደግሞ አንድ ነገር አለ፣ በግዕዝ ፊደል ስትጽፍ አንዱ መልእክት የሚይዘው 70 ፊደል ብቻ ነው፣ በእንግሊዝኛ ፊደል ግን 160 ነው፣ ከ70 ካለፈ ይቆራረጥና በደካማ ኔትወርክ ግማሹ ሊደርስ ግማሹ ሊዘገይ ይችላል። ደግነቱ የኛ ፊደል አንዷ አንድ ድምፅ ሙሉ ትይዛለች። "ፎቶው አልደረሰኝም። ጽሑፍሽ ደርሷል። በጣት ሲታሽ ዱቄት አለው?" ይሄ ሁሉ ከ70 በታች ነው። ለኤስኤምኤስ ከአራቱ ጥያቄ አንዱን ብቻ ምረጪ ብትሉኝ ምንጊዜም ይቺን ነው የምመርጠው።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ መልስ መጣ፣ ባትሪ ይዛ ማሳ ወርዳ ኖሯል፣ በነሐሴ ጭቃ፣ በጨለማ። "ዱቄት የለውም። በነጭ ነጠላም አሸሁት ምንም የለም።" ከዛ ቀጥሎ ሌላ፣ ሳልጠይቃት፦ "ከታች ያሉት ቅጠሎች ናቸው ቢጫ። ላይኛው ደህና ነው ትንሽ ገርጥቷል።" ቀጥሎ ሌላ፦ "መሃል ላይ ነው የባሰው ዳር ዳሩ አረንጓዴ ነው።"

እንግዲህ እዚህ ላይ አስቡት። ቢጫ ዋግ ቢሆን ዱቄት ይኖረዋል፣ የለም። ዋግ ቦታ ቦታ ሆኖ ይጀምራል እውነት ነው፣ ግን የሷ ቦታ ቦታ ሳይሆን መሃሉ ነው፣ ዳር ዳሩ ደህና ነው። የታችኛው ቅጠል ቀድሞ መገርጣቱ ደግሞ ናይትሮጂን ያጣ ሰብል ነው የሚያሳየው፣ ሰብሉ ሲያጣ ከአሮጌው ቅጠል እየወሰደ ለአዲሱ ይሰጣል። እና የት ናቸው? ጅሩ ናቸው። ጥቁር መሬት ነው፣ መረሬ፣ ውሃ ሲጠግብ እንደ ሊጥ የሚሆን። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ፣ በኤስኤምኤስ፦ "መሃሉ ላይ ውሃ ተኝቷል?" መልሷ "አዎ እግሬ ጠልቋል ጫማዬ ቀርቶ ነበር" የሚል ነው።

አለቀ። ዋግ አይደለም፣ ውሃ ነው። ስሩ አየር አጥቶ መሬቱ ውስጥ ያለውን ምግብ መውሰድ አቅቶታል፣ ናይትሮጂኑም ውሃ በተኛበት መሬት ውስጥ ወደ አየር ይተናል። አባቷ ደግሞ ከነጋዴ ቲልት ገዝተው ተቀምጠዋል፣ ጎረቤት ቀበሌ ዋግ ገባ የሚል ወሬ ሰምተው። አይፈረድባቸውም፣ በ2003 መስከረም አካባቢ የነበረውን የቢጫ ዋግ ዓመት የሚያስታውስ ሰው ቢጫ ነገር ሲያይ መደንገጡ አይቀርም፣ ያኔ በብዙ ቦታ በተለይ ኩብሳ የሚባለውን የስንዴ ዘር የዘራ ሰው ነው የተመታው። ቲልት ጥሩ መድኃኒት ነው፣ ለሄክታር ግማሽ ሊትር፣ ማለት ለአንድ ጥማድ 125 ሚሊ ሊትር ነው፣ ግን ፈንገስ ነው የሚገድለው፣ የተኛ ውሃ አያስነሳም። ቢረጩት ብሩ ይሄዳል፣ ቀኑም ይሄዳል፣ ቢጫው እየባሰ ይመጣል፣ ከዛ መድኃኒቱ የተበላሸ ነው ብለው በእውነት ዋግ ሲመጣ አይረጩም። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ የመጨረሻው ነው።

"አባባን ነገ እንዳይረጩ ንገሪልኝ፣ ውሃውን ያጠንፍፉት፣ ከመሃል ወደ ዝቅተኛው ጫፍ ቦይ ይቅደዱ፣ ውሃ ላይ ዩሪያ እንዳይበትኑ፣ መሬቱ ጠፈፍ ሲል ያኔ ነው" አልኳት፣ በሦስት ኤስኤምኤስ። ማጠንፈፍን ለጅሩ ሰው ማስተማር አያስፈልግም፣ እነዋሪ አካባቢ ቢቢኤም የሚባለው የማረሻ ዕቃ ሳይመጣ በፊት ድምድማቱን በእጅ ነበር የሚሰሩት፣ ሴቱ ልጁ ሁሉ ወጥቶ። ያ ማሳ ላይ ድምድማት ነበረ፣ ግን የመውጫው ቦይ በላይኛው ማሳ በመጣ ደለል ተደፍኖ ነበር፣ ይሄን በኋላ ነው የሰማሁት።

በየቦታው ግን እንዲህ አይሰምርም። ዛላው ነጭ ሆኖ ባዶ ቀረ ብለው ሲጽፉልኝ፣ ጽሑፍ ብቻ ይዤ አልፈርድም፣ ውርጭ ሊሆን ይችላል፣ የስር መበስበስ ሊሆን ይችላል፣ አገዳ ውስጥ የገባ ትል ሊሆን ይችላል፣ ተነቅሎ ስሩ መታየት አለበት፣ አገዳው መሰንጠቅ አለበት። ያኔ "ከነስሩ ነቅለው በወረቀት ጠቅልለው ለዲኤው ይስጡልኝ" ነው የምለው፣ ወይ ራሴ እሄዳለሁ። ባቄላ ላይም እንደዛው፣ ቆርምድ የሚሉትን፣ ቅጠሉን እንደ ቋቁቻ የሚያሳብጠውንና የሚያጨማድደውን፣ በቃል ደህና አድርገው ይነግሩኛል፣ በአንድ በኩል ጎድጉዶ በሌላው ያብጣል ካሉኝ እሱ ነው፣ ግን ቸኮሌት ስፖት ከሚባለው ሌላ የባቄላ በሽታ ጋር ተደርቦ ሲመጣ ሰውም እኔም እንምታታለን። ማንበብና መጻፍ የማይችሉ ሰዎችም አሉ፣ ለነሱ የቤቱ ልጅ ናት ጸሐፊዋ፣ ልጅ ከሌለ እደውላለሁ። የድምፅ መልእክት ይላኩ የሚሉኝ አሉ፣ ሞክሬዋለሁ፣ የአንድ ደቂቃ ድምፅ ከተጨመቀ ፎቶ ብዙም አያንስም፣ ፎቶው ባለፈበት ካላለፈ እሱም አያልፍም።

የልጅቷ ፎቶ የደረሰኝ ከአራት ቀን በኋላ ነው፣ ለገበያ ከተማ ሲወጡ ስልኩ ኔትወርክ ሲያገኝ አምስቱም ተከታትለው ገቡ። አራቱ ቢጫ ቅጠል ነው፣ የቀረበ፣ ደብዘዝ ያለ፣ እውነቴን ነው ያን ምሽት ደርሰውኝ ቢሆን ዋግ ሊሆን ይችላል ብዬ እመልስ ነበር ብዬ እፈራለሁ። አምስተኛው ላይ የአባትየው እግር ጥግ ላይ ገብቷል፣ እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ጭቃ ውስጥ። ከስሩ አዲስ ጽፋለች፣ "እትዬ ቦዩን ከፍተነዋል። መድኃኒቱን አባቴ ቆጥ ላይ ሰቅሎታል፣ ለመስከረም።"